«ተማሪዎቼን መቶ በመቶ አሳልፌያለሁ»

ለ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ማስታወቂያ ስናወጣ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪ ከማስተማር ሥልጠና ጋር፣ በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል የማስተማር ልምድ፣ ተማሪዎች ያሳዩት ውጤት። በርዕሰ መምህርነቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ሲቪ አነባለሁ፤ ከሦስቱ ለመመዘን የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው።

የመጀመሪያውን ትራንስክሪፕቱና የሥልጠና ማስረጃው ይመልሱታል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ «በመምህርነት አገልግለዋል» ብሎ ያበቃል፤ የትኛውን ክፍል እንዳስተማሩ አይገልጽም። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ደውዬ እጠይቃለሁ።

ሁለቱን መስፈርቶች ካሟሉት አመልካቾች አንዱ «ተማሪዎቼን መቶ በመቶ አሳልፌያለሁ» ብለው ነበር። ሌላዋ ደግሞ ከ48 ተማሪዎቻቸው በመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና 21ዱ ከ50 በታች እንዳመጡ፣ በሁለተኛው ግን 9 ብቻ እንደቀሩ ጻፉ። ከቅጥር ኮሚቴው አባላት አብዛኞቹ ወደ መቶ በመቶው አዘነበሉ።

ለሁለቱም ሮስተር እንዲያመጡ ነገርናቸው። የመጀመሪያው አመልካች ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤታቸው ተማሪ የሚቀበለው በመግቢያ ፈተና መርጦ ነው፤ ከ26 ተማሪዎች መካከል ገና ከመጀመሪያው ከ50 በታች የነበረው አንድ ብቻ ነበር። እኛ ጋ ግን ልጆች የሚመጡት ሳይመረጡ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ለእኛ ክፍት ቦታ ብዙ አልነገረንም።

የመምህርቷንም ቁጥር እንዲሁ አልተቀበልነውም። የሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ቀሎ ቢሆንስ? የሒሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊያቸውን ስንጠይቅ፣ ፈተናው ለሁሉም ሴክሽን አንድ እንደነበረና መምህራን ተለዋውጠው እንዳረሙት ገለጹልን። በሌላ መምህር በሚማረው ትይዩ ሴክሽን ከ50 በታች ያመጡት ከ19 ወደ 16 ብቻ ዝቅ ብለዋል። ከመምህርቷ ክፍል በዓመቱ መካከል ሁለት ተማሪዎች ለቀዋል፤ ሁለቱም ከደካሞቹ ነበሩ ብንል እንኳ የተሻሻሉት ከ10 አያንሱም። ያም ሆኖ ይህ የአንድ ክፍል የአንድ ዓመት ውጤት ነው፤ ከዚያ በላይ አይመሰክርም።

ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ምን እንዳደረጉ ጠየቅናቸው። የ21ዱን የፈተና ወረቀት መልሰው ሲያዩ፣ አብዛኛው ስህተት ከክፍልፋይና ከኔጌቲቭ ቁጥሮች የመጣ ሆኖ አገኙት። የዕለቱን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት አሥር አሥር ደቂቃ እነዚህን ከልሰዋል። ቁጥሩን ያመንነው ያን ጊዜ ነው፤ ውጤቱ የመጣበት መንገድ ታይቶናልና። ማሳያ ትምህርታቸውንም ካየን በኋላ ቀጠርናቸው።

አሁን ማስታወቂያችን አመልካቾች ውጤታቸውን ሲገልጹ ያስተማሩትን ክፍል፣ የተማሪውን ብዛት፣ መነሻና መድረሻ ውጤቱን፣ ፈተናውን ያወጣውንና ያረመውን እንዲጽፉ ይጠይቃል። ደካማ ተማሪዎችን ተቀብሎ ያሻሻለ መምህር ሥራው የሚታይለት እንዲህ ሲጠየቅ ነው።