የአክስቴ የግፊት ክኒን እና የሮቶው ሒሳብ

ከሁለት ወር በፊት አክስቴ ደም ግፊት አለብሽ ተባለችና አምሎዲፒን የሚባል ክኒን ታዘዘላት። ባለ 5 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ። ፋርማሲስቷ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ እንዲህ ጻፈችላት፦

«በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱ። ከረሱ፣ 12 ሰዓት ካላለፈ ይውሰዱ፤ ካለፈ ይዝለሉት። ሁለት አይደርቡ። ቁርጭምጭሚትዎ ቢያብጥ ሳያቋርጡ መጥተው ያሳዩን።»

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ተለካች። ግፊቷ ያው ነው። «ይሄ ነገር አይሠራም፣ ልተወው» አለችኝ። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ግን ማስታወሻውን ደጋግሜ ሳነበው ከጀርባው የማውቀው ሒሳብ እንዳለ ገባኝ።

ሰውነታችንን ከታች ትንሽ ቀዳዳ እንዳለው ሮቶ አስቡት። ውሃው በበዛ ቁጥር ቀዳዳው ላይ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ብዙ ይፈሳል፤ ሲያንስ ደግሞ ፍሰቱ ይቀንሳል። መድኃኒትም እንደዚሁ ነው፤ በየቀኑ የሚወጣው ካለው ላይ የተወሰነ ድርሻ ነው። አምሎዲፒን ቀስ ብሎ ከሚወጡት አንዱ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ በግምት ሲሶው ይወጣል እንበል።

አሁን እንቁጠር። መጀመሪያ ቀን አንድ ክኒን ገባ። በማግስቱ ከሱ ሁለት ሦስተኛው ይቀራል፤ ሌላ አንድ ሲጨመር 1.67 ይሆናል። በሦስተኛው ቀን 2.1 ገደማ ይደርሳል። እንዲህ እያለ ወደ 3 ይጠጋና እዚያ ይቆማል፤ ምክንያቱም የ3 ሲሶ 1 ነው፣ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሆነ ማለት ነው። ለዚህ አንድ ሳምንት ገደማ ያስፈልጋል። አክስቴ በሦስተኛው ቀን የፈረደችው ሮቶው ሳይሞላ ነበር። ሙሉው ለውጥ በመለኪያው ላይ እስኪታይ ደግሞ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጠዋት ወይስ ማታ የሚለው ብዙ አያሳስብም። በብሪታንያ ከ21 ሺህ በላይ የግፊት ታካሚዎችን ያሳተፈና ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በልብ ድካም፣ በስትሮክና በሞት ረገድ በጠዋትና በማታ መካከል ልዩነት አላገኘም። ዋናው የማይረሳ ሰዓት መምረጥ ነው። አክስቴ የማታ 2 ሰዓት ዜና አያመልጣትም፤ ክኒኑን ከዜናው ጋር አደረገችው።

አንድ ማታ ግን እንግዳ መጣና ረሳችው። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትዝ አላት። 11 ሰዓት ነው ያለፈው፣ ወሰደች። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ 19 ሰዓት አልፏል፤ ቀጣዩ ክኒን ስለቀረበ ዘልላ የማታውን መጠበቅ ነበረባት። ብትዘልስ? ሮቶው ከሞላ በኋላ ሁልጊዜ ከቀጣዩ ክኒን በፊት 2 ይቀራል። አንድ ቀን ሲዘለል ወደ 1.3 ይወርዳል እንጂ ባዶ አይሆንም። በዚያ ላይ ሁለት ብትደርብ 3.3 ይሆናል፤ ከለመደችው ከፍታ በላይ። አንድ ብቻ ወስዳ ብትቀጥል ግን መጠኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይስተካከላል።

ይህ ሒሳብ የአምሎዲፒን ነው፤ ለሁሉም የግፊት መድኃኒት አይሠራም። ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎል ቶሎ ይወጣል፤ በድንገት ሲቋረጥም የልብ ምትና ግፊት ተመልሶ ሊያሻቅብ ይችላል። የሌላ ክኒን ደንብ ከራሱ ፋርማሲስት ይጠየቃል።

በሦስተኛው ሳምንት የአክስቴ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች ማታ ማታ ማበጥ ጀመሩ። ጎረቤት «ኩላሊትሽ ነው፣ ክኒኑን ተይው» አለቻት። አምሎዲፒን ደም ወደ እግር የሚያደርሱትን ትንንሽ ቧንቧዎች ያሰፋል፤ ደሙን የሚመልሱትን የደም መልስ ሥሮች ግን ያን ያህል አያሰፋም። መግቢያው ሰፍቶ መውጫው እንደነበረ ሲሆን፣ መሃል ያሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ጫና ይበዛና ፈሳሽ ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ቆመን ስንውል ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። በሰውነት ውስጥ ውሃ ስለበዛ ስላልሆነ የሚያሸና መድኃኒት ብዙም አይረዳም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ካመመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

አክስቴ ክኒኑን ሳታቋርጥ ካርቶኑን ይዛ ሄደች። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ሌላ ዓይነት የግፊት ክኒን ጨመረላት። እብጠቱ ቀነሰ፤ አሁን ከዜናው ጋር የምትውጠው ሁለት ክኒን ነው። ፋርማሲስቷም በአዲሱ ካርቶን ላይ ሌላ አራት መስመር ጽፋለች።