የወል ሀብት ሒሳብ፦ ትርፉ የአንዱ፣ ኪሳራው የሁሉም

አሥር አባወራዎች በአንድ የጋራ ግጦሽ ከብት ያሰማራሉ እንበል። እያንዳንዱ አሥር ከብት አለው፤ የአንዱ ዋጋ 10,000 ብር ነው። መሬቱ የሚችለው 100 ከብት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ አንድ በተጨመረ ቁጥር መንጋው በሙሉ ይከሳል፤ የእያንዳንዱ ከብት ዋጋም በ200 ብር ይቀንሳል።

አንዱ ገበሬ የተወለደለትን ጥጃ ሳይሸጥ ቢያሳድግ 11 ከብቶቹ 107,800 ብር ያወጣሉ። እሱ 7,800 ብር አተረፈ፤ ዘጠኙ ጎረቤቶቹ ግን እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ከሰሩ። እነሱም ያንኑ ሒሳብ ሠርተው አንዳንድ ሲጨምሩ የከብቱ ዋጋ 8,000 ብር ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ሀብትም ወደ 88,000 ብር ይወርዳል። ሁሉም ለራሱ በትክክል አስልቶ ሁሉም ከሰረ ማለት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 «የወል ሀብት አሳዛኝ ፍጻሜ» ያለው ይህንኑ ነው።

በዓሣ ገበያ ነገሩ ይብሳል። በጣና ሐይቅ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ባርበስ የሚባሉት ዓሦች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ሲወጡ አፋፉ ላይ በመረብ ይያዙ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ክምችታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ዓሣ ሲጠፋ ዋጋው ይወደዳል፤ ውድ ዋጋ ደግሞ ተጨማሪ መረብ ይጠራል። ስለዚህ ባለቤት በሌለው ሀብት ላይ ዋጋ ብቻውን ልጓም አይሆንም።

ልጓሙ ደንብ ነው። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ለዘመናት የቆየው ተጠቃሚው ተለይቶ ስለታወቀ፣ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ በስምምነት ስለሚከፈትና ደንብ የሚያስከብሩ አለቆች ስለነበሩት ነው። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ ተመናመነ። ነዋሪዎቹ ከጊዜ በኋላ ጥበቃውን በመተዳደሪያ ደንብ መልሰው አቋቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮምም ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የወል ሀብትን ማቆየት እንደሚችሉ አሳይተዋል። የመንደር ምንጭም እንዲሁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው እንስራና የመቅጃ ሰዓቱ ካልተወሰነ፣ ቀድሞ የነጋለት ሁሉ ምንጩን አድርቆት ይሄዳል።

በዓሣ ንግድ ገንዘቡን ለማፍሰስ ያሰበ ሰው ጠቅላላውን ምርት ብቻ አይቶ አይወስን፤ ጀልባ ሲበዛ እሱ ለጊዜው ይጨምራልና። ይልቅ አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የሚይዘው ሲያንስ፣ ገበያ የሚወጣው ዓሣም ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲሄድ፣ ዋናው ካፒታል እየተበላ መሆኑን ይወቅ።