ኩንታልና ጀርባ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እህል በረንዳ ገና አልነጋም። ከጎጃም የመጣ አይሱዙ ኋላውን ለመጋዘኑ በር ሰጥቶ ቆሟል። ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ተጋድሞ ተኝቷል። ሸራው ተገልጦ ሁለት ሰዎች ጭነቱ ላይ ወጥተዋል፤ ከበሩ በላይ በተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ብርሃን የላይኛውን ረድፍ ያላቅቃሉ። የእህሉ ባለቤት በሩ ሥር ቆሞ ስልኩ ላይ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ጥር ነው፤ አዲሱ ጤፍ የሚገባበት ወር ነው። ይህ መኪና ቶሎ ካልተራገፈ የሚቀጥለው የሚቆምበት ቦታ የለም።

መኪናው የጫነው 50 ኩንታል ነው። የሚያራግፉት ስድስት ናቸው፦ ሁለቱ ላይ ሆነው ያሸክማሉ፣ ሦስቱ ይሸከማሉ፣ አንዱ ውስጥ ሆኖ ይደረድራል። ከሦስቱ ተሸካሚዎች አንዱን ቀኑን ሙሉ ልከተለው ነው የመጣሁት። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ይጠጋል። «ስሜ ይቅር፤ ሥራውን ግን እንዳየኸው ጻፈው» ብሎኛል።

ባዶ ጆንያ አነሳ። አንዱን የታች ጥግ ወደ ውስጥ ገፍቶ ከሌላው ጥግ ጋር ሲያገጥመው ቆብ ሆነ። ራሱ ላይ ደፋው፤ የቀረው ማጅራቱንና ትከሻውን ሸፈነለት። ከዚያ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ።

«ያዝ!»

ኩንታሉ መጣ። የተቀመጠው ትከሻው ላይ አልነበረም፤ ከማጅራቱ በታች፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ነው። ትንሽ ወደ ታች ቢወርድ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ትንሽ ወደ ላይ ቢወጣ አንገቱን ይደፍቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ወገቡን ነቅነቅ አድርጎ አስተካከለውና ሄደ። ርምጃው አጭርና ፈጣን ነው፣ ሊሮጥ ትንሽ የቀረው። ከመኪናው እስከ ድርድሩ ሃያ ርምጃ ቢሆን ነው። ለምን እንደሚፈጥን በኋላ ስጠይቀው፣ «ቀስ ብትል ኩንታሉ አይቀልልህም፤ የምትሸከምበት ሰዓት ነው የሚረዝመው» አለኝ።

ውስጥ ያለው ደርዳሪ አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም ያስቀምጣል፤ ጡብ እንደሚደረደር ማለት ነው፤ ካልተያያዘ ይናዳል። የታችኛው ረድፍ ቀላል ነው፤ ተሸካሚው ጎኑን ሰጥቶ ይጥለዋል። ድርድሩ ከወገብ በላይ ሲሆን ግን ሥራው ይለወጣል። ከተደረደረው እህል ዳር ደረጃ ተተወለት፤ ኩንታሉን እንደያዘ እሱ ላይ ይወጣል። አሁን አይፈጥንም። እግሩን ጆንያው መሐል ላይ ያሳርፋል፤ ይጫናል፤ እንደማይንሸራተት ሲያውቅ ብቻ ሁለተኛውን ያነሳል። ሁልጊዜ በቀኝ እግሩ ነው የሚጀምረው። ግራ ጉልበቱ ደረጃ አይወድም።

ጀንበር ስትወጣ መኪናው ባዶ ሆነ። ሁለቱ አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስተኛው አሥራ ስድስት። የእኔው ሰው አሥራ ሰባት ከደረሳቸው አንዱ ነው። ቁርስ ሳይቀምስ 1,700 ኪሎ ጤፍ በጀርባው አሳልፏል ማለት ነው። ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ጭኑ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። እሱ አላየውም፤ ወይም ማየት ትቷል። ከላስቲክ ጠርሙስ በስኳር የተበጠበጠ በሶ ጠጣ። የቡድኑ ሰብሳቢ ገንዘቡን ከነጋዴው ተቀብሎ መጣና ለስድስት እኩል አካፈለ። የሚደረድረውም የሚያሸክመውም የተሸከመውን ያህል ያገኛል፤ ነገ ቦታ ይለዋወጣሉና።

ከመጋዘኑ ደጅ አንድ ሽማግሌ ወስፌና ሲባጎ ይዘው የተቀደደ ጆንያ ይሰፋሉ። የሚሰፉት በግራ እጃቸው ነው። ቀኙ ጆንያውን ይዟል፤ ያዘ ከተባለ። ወስፌው ጣታቸውን ወጋ፤ ደም ወጣ፤ እሳቸው ግን ያወቁት ደሙ ጆንያው ላይ ሲታያቸው ነው።

«አይሰማዎትም፣ አባቴ?»

«መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ነበር» አሉኝ። «ጣቴ ይደነዝዛል፤ ጠዋት ሳሻሸው ይመለሳል። ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ቀን ቀን ሆነ። ብርጭቆ መጣል ጀመርኩ።»

ሸክሙ ማጅራት ላይ ሲኖር በአንገት አጥንቶች መካከል ወደ ክንድ የሚወጡት ነርቮች ይጫናሉ፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱን አስቀድሞ የሚያሳየው አንገት ሳይሆን ጣት ነው። ከወገብ ላይ ሲሆን ደግሞ ሕመሙ በመቀመጫ በኩል ወርዶ እግር ውስጥ ይገባል። የጀርባ ድካም በእንቅልፍ ይለቃል። መደንዘዝና እየደከመ የሚሄድ እጅ ወይም እግር ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስሄድ ነገር ነው። ሽማግሌው ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። የእኔው ሰው አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ አጥፎ ዘረጋቸው፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጅ ኃይል የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ ወደዚያ ልክ በፍጥነት እንዲወርድ ይላል። እዚህ የእህል መለኪያው ኩንታል ነው፤ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዋጋው በኩንታል ይጠራል፣ መኪናው በኩንታል ይጫናል፣ ጀርባውም በኩንታል ይከፈለዋል። ይህን ልክ ያወጣው የሒሳብ ምቾት እንጂ የማንም ሰው አጥንት አይደለም። ሲሚንቶና የአፈር ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣሉ፤ ማንም ተቸገርኩ አላለም። እህሉ ለምን እንደዚያ እንደማይሆን ለራሴ የሚያሳምን ምክንያት አላገኘሁም።

ረፋዱ ላይ ከቡድኑ ተለይቶ የቸርቻሪዎቹ ሱቆች ወዳሉበት ሄደ። እዚህ ሥራው በየግል ነው። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ሰርገኛ ጤፍ ገዝተዋል፤ ግማሽ ኩንታል። እንደ ድሮው ሙሉ ኩንታል የሚገዛ ቤተሰብ መቀነሱን እዚህ ያለ ተሸካሚ ሁሉ ይናገራል።

«እስከ ታክሲው ስንት ትወስድልኛለህ፣ ልጄ?»

«መቶ ሃምሳ፣ እናቴ።»

«ለግማሽ ኩንታል!»

«መንገዱን አይተውታል እኮ፣ እናቴ።»

«መቶ ብር። ምርቃትም እጨምርልሃለሁ።»

ሳቀና አነሳው። ማንም አላሸከመውም። ከመሬት ጭኑ ላይ፣ ከጭኑ ትከሻው ላይ፤ አለቀ። መንገዱ ከጠዋቱ ሃያ ርምጃ አሥር ጊዜ ይበልጣል፤ ጋሪ አያስገባም፤ በሁለቱም በኩል በርበሬ ተሰጥቷል፤ የሚያስነጥሰው ሰው ብዙ ነው። «ሸክም ነው! ዞር በሉ!» እያለ ሄደ። ጠዋት ከኩንታሉ ሥር አንድ ቃል ያልወጣው ሰው፣ አሁን አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ስለ ልጆቻቸው እየጠየቀ፣ ኋላ የቀሩትን እናት በየመታጠፊያው ይጠብቃል። ታክሲው ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በቀስታ አወረደው። እናትየው መቶ ብሩን ሰጡ፤ መረቁት፤ ከዚያም ቦርሳቸውን እንደገና ከፍተው ሃያ ብር ጨመሩ።

«ይኸው ሃምሳ ኪሎ እንዲህ ነው» አልኩት። «ሁሉም እህል በዚህ ልክ ቢሆንስ?»

ወዲያው አልመለሰልኝም። ቆቡን አውልቆ አራገፈው።

«ጥሩ ነበር። ግን አስበው፤ ነጋዴው በከረጢት ልክፈል ይላል፤ ዋጋውን ደግሞ ለሁለት ይቆርሰዋል። ምልልሴ እጥፍ ይሆናል፤ ገንዘቡ ያው። መኪናውም ዘግይቶ ይለቃል፤ ሰብሳቢው ይጮሃል።» ትንሽ ቆይቶ፣ «በኪሎ ከተከፈለኝና ሰዓቱን ከታገሱኝ ግን እሺ፤ ዛሬውኑ» አለ።

ይህ መልስ የራሴን ሐሳብ አረመው። ከረጢቱን ማሳነስ ብቻውን አይበቃም፤ ውሉም አብሮ መለወጥ አለበት። ውሉን ደግሞ ከማን ጋር ነው የሚዋዋለው? ጠዋት ያሠራው አንድ ነጋዴ ነው፤ ረፋድ ላይ አንዲት እናት፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ከአይሱዙው ላይ የተቀበለው ኩንታል ወገቡን ቢሰብረው ግን፣ አሠሪዬ ብሎ በስም የሚጠራው ሰው የለውም። ያለችው ቡድኑ የሚያዋጣት መዋጮ ናት። ሽማግሌውም ወስፌና ሲባጎ የገዙት በዚያችው ነው።

ምሳው ተጋቢኖ ነበር፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር ከአንድ ትሪ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሸክም አገኘ። የመጨረሻው የበርበሬ ጆንያ ነው። በርበሬ እዚህ በፈረሱላ ነው የሚነገረው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሦስት ፈረሱላ የያዘው ጆንያ ከጤፍ ኩንታሉ ይገዝፋል፤ ሚዛኑ ግን ግማሹን ያህል ነው። ይህ ሸክም ወገብ አይጎዳም፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ነጠላ በአፍንጫው ላይ ጠምጥሞ ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ላቡን በክንዱ እንጂ በመዳፉ አይጠርግም።

አመሻሽ ላይ ዕቁብ ጣይዋ ሴትዮ ደብተሯን ይዛ መጣች። የቀኑን ጣለ፤ ስሙ ፊት ለፊት ምልክት አደረገችለት። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር ለሚስቱ ላከ፤ መድረሱን እስክትነግረው ጠበቀ። የዕለቱን ማደሪያ ከፍሎ የቀረውን ቆጠረ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረው።

ሰብሳቢው ከመንገዱ ማዶ ተጣራ።

«ነገ ሁለት መኪና አለ! ባቄላ ነው!»

ፊቱ ተኮሳተረ። ጤፍ ተጠቅጥቆ ስለሚቀመጥ ጀርባ ላይ አይንቀሳቀስም። ባቄላ ግን ፍሬው ለስላሳ ነው፤ እየሄዱ ከውስጥ ይንሸራሸራል። ከረጢቱ የቃጫ ከሆነ ቢያንስ ጀርባን ቆንጥጦ ይይዛል።

«ጆንያ ነው ማዳበሪያ?» ሲል ጮኸ። ማዳበሪያ የሚሉት የላስቲኩን ከረጢት ነው፤ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል።

«ማዳበሪያ!»

«እንግዲያው ደረጃውን ሰፋ አድርጋችሁ ተዉልኝ» አለና ጆንያውን አጥፎ ብብቱ ሥር ያዘው።