የጠፉት ቆጠራዎች

በሲ ቋንቋ የተጻፈ አንድ አጭር ፕሮግራም እንውሰድ። ቆጣሪው ከ0 ይነሳል፤ ሁለት ትሬዶች በየፊናቸው አንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ 1 ይጨምሩበታል። ውጤቱ 2,000,000 መሆን ሲገባው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ፕሮግራሙ በድጋሚ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመጣል።

ምክንያቱ የሚገኘው በፕሮሰስና በትሬድ ልዩነት ውስጥ ነው። ፕሮሰስ ማለት በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለብቻው የሜሞሪ ክልል ይሰጠዋል። የየራሱ ጓዳ ያለው ቤት እንደማለት ነው፤ ጎረቤት ዘው ብሎ አይገባበትም። ትሬዶች ግን በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ አንድ ጓዳ የሚጋሩ ሠራተኞች ናቸው። ቆጠራው በሁለት ልጅ ፕሮሰሶች ቢሠራ ኖሮ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቅጂ ስለሚቆጥሩ የወላጁ ቆጣሪ 0 እንደሆነ ይቀር ነበር። ትሬዶቹ ግን የሚጽፉት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው።

ጭማሪው በኮዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፦

```c
counter++;
```

ፕሮሰሰሩ ዘንድ ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እርምጃ ይሆናል፦ ቁጥሩን ከሜሞሪ ማንበብ፣ 1 መደመር፣ ውጤቱን መልሶ መጻፍ። ቆጣሪው 41 ላይ ነው እንበል። አንደኛው ትሬድ 41ን ያነባል። እሱ ሳይጽፍ ሁለተኛውም 41ን ያነባል። ሁለቱም 1 ደምረው 42 ይጽፋሉ። ሁለት ጊዜ ተሠርቶ አንዱ ብቻ ተቆጠረ።

የባሰም አለ። አንደኛው ትሬድ 41ን እንዳነበበ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተራውን ይነጥቀዋል። ሁለተኛው በዚህ መሃል ቆጣሪውን 5,000 ያደርሰዋል። አንደኛው ተራው ሲመለስ በእጁ ያለው አሮጌው 41 ስለሆነ 42 ይጽፋል፤ የሌላው ልፋት በአንድ ምት ይሰረዛል። ውጤቱ ማን ቀደመ በሚለው ላይ የሚንጠለጠል እንዲህ ያለ ስህተት ሬስ ኮንዲሽን ይባላል።

ስህተቱ ይደበቃልም። ሚሊዮኑ ወደ 100 ቢወርድ፣ ሁለተኛው ትሬድ ሳይነሳ የመጀመሪያው ጨርሶ ስለሚገኝ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው 200 ይወጣል። ስለዚህ አንድ ትክክለኛ ውጤት ፕሮግራሙን ከጥርጣሬ ነጻ አያወጣውም። በ`-fsanitize=thread -g` ኮምፓይል ተደርጎ ሲሠራ ግን መሣሪያው ሁለቱ ትሬዶች የተጋጩበትን መስመር ለይቶ ያሳያል።

የተለመደው መድኃኒት ቁልፍ ነው፦

```c
pthread_mutex_lock(&m);
counter++;
pthread_mutex_unlock(&m);
```

ቁልፉን የያዘው ትሬድ ሦስቱን እርምጃ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል፤ 2,000,000ም ሁልጊዜ ይሞላል። ነገር ግን ሁለት ሚሊዮን ጊዜ መቆለፍና መክፈት ሥራውን በጣም ያጓትተዋል። ልምድ ያለው ፕሮግራመር እያንዳንዱ ትሬድ በግል ቆጣሪው እንዲቆጥር ያደርግና ድምሩን መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቆልፎ ያስገባል። ያኔ መቆለፍ የሚያስፈልገው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሆናል።