አረቢካ ወይስ ሮቡስታ? ከመግዛትዎ በፊት ማሸጊያውን ያንብቡ

አገር ቤት ቡና የሚገዛ ሰው የይርጋጨፌ ነው ወይስ የሐረር፣ የጅማ ነው ወይስ የሲዳማ ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም አረቢካ ስለሆኑ ስለ ዝርያው መጠየቅ አያስፈልገውም። ዱባይ ወይም ሮም ሱፐርማርኬት የገባ ሰው ግን ሮቡስታ የሚባል ሌላ ዝርያ ያጋጥመዋል። ዋጋው ይቀንሳል፤ ሲጠጡት ግን መረር ይላል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ሦስቱም ነገሮች ከተክሉ ባሕርይ የሚመጡ ናቸው።

የአረቢካ ጥንተ መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። የሚስማማው ቀዝቀዝ ያለ ከፍታ ሲሆን፣ ፍሬውም እዚያ ቀስ ብሎ ይበስላል። ፍሬው ከሮቡስታ የበለጠ ስኳርና ቅባት አለው፤ የአበባና የፍራፍሬ መዓዛ፣ እንዲሁም ደስ የሚል ኮምጣጣነት የሚሰማንም ከእሱ ነው። ሮቡስታ በበኩሉ የአፍሪካ ቆላማ ደኖች ተክል ነው። ሙቀት ይችላል፣ አረቢካን የሚጎዳውን የቅጠል ዋግ ይቋቋማል፣ ብዙም ያፈራል። ካፌይን ለተክሉ የተባይ መከላከያ ሲሆን፣ ሮቡስታ ውስጥ ያለው መጠን የአረቢካን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ጣዕሙ ወደ እንጨትና ወደ ተቆላ እህል ያደላል፤ ምሬቱም ጠንከር ያለ ነው።

ለማምረት ቀላል መሆኑ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል። አረቢካ በኒውዮርክ፣ ሮቡስታ በለንደን ገበያ ይተመናሉ። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ፣ ማለትም በኪሎ ወደ 9 ዶላር ገደማ ሲደርስ፣ ሮቡስታ በኪሎ ከ6 ዶላር በታች ነበር። ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ድርቅ አንዱን ሲመታ ይጠባል ወይም ይሰፋል።

አሁን ወደ ሲኒው እንምጣ። 10 ግራም የተፈጨ አረቢካ ወደ 120 ሚሊ ግራም፣ ያው መጠን ሮቡስታ ደግሞ ወደ 220 ሚሊ ግራም ካፌይን ይይዛል፤ ሲፈላም አብዛኛው ወደ ውሃው ይወጣል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ አረቢካ ለለመደች ነፍሰ ጡር ጉዳት የማያደርስ የቡና ልማድ፣ ዝርያው ሲቀየር ከልኩ ሊያልፍ ይችላል።

ሮቡስታ ግን መጥፎ ቡና ነው ማለት አይደለም። ለኤስፕሬሶ ወፍራም አረፋና ክብደት ስለሚሰጥ የጣሊያን ቆዪዎች ሆን ብለው ይቀላቅሉታል። ወተትና ስኳር ለሚያበዛ ሰውም ጠንካራ ጣዕሙ ያግዘዋል። በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠው ቡናም በብዛት ሮቡስታ አለበት።

ጥሬ ቡና ሲገዙ ዓይን ራሱ ይለያል፦ አረቢካ ሞላላ ሆኖ የመሃል መስመሩ ይጠማዘዛል፤ ሮቡስታ ክብ ቢጤ ሲሆን መስመሩ ቀጥ ይላል። የተፈጨ ሲሆን ግን በተለይ አብዝቶ የተቆላ ከሆነ ልዩነቱን መለየት ይከብዳል። ያኔ መተማመኛው ጽሑፉ ነው። «100% አረቢካ» የሚል ካላዩ ድብልቅ ሊሆን ይችላልና፣ በአረቢካ ዋጋ አይክፈሉበት።