ሌሊት የሚቀሰቅስ ማሳከክ

አንዲት የ54 ዓመት ሴት እናስብ። የወር አበባዋ ከቆመ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ብልቷን ያሳክካታል፤ ቀን ሥራ ያስረሳታል፣ ሌሊት ግን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። መድኃኒት ቤት ገብታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። የፈንገስ ክሬም፣ ክሎትሪማዞል፣ ይሰጣታል። ለጥቂት ቀናት ያበረደላት ይመስልና ተመልሶ ይነሳል። ሌላ ቱቦ ትገዛለች፣ ቀጥሎ ክኒን ትውጣለች፤ ጎረቤቷ የነገረቻትን የጨው ውሃም ትሞክራለች። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሰው እንኳ ቦታውን አላየውም።

ማየቱ ምን ይለውጣል? የፈንገስ ማሳከክ አብዛኛውን ጊዜ ከቅላትና እንደ አይብ ከረጋ ነጭ ፈሳሽ ጋር ይመጣል። ደግሞም በአብዛኛው የሚይዘው በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ነው፤ ካረጡ በኋላ፣ በተለይ ስኳር በሽታ ከሌለና የሆርሞን መድኃኒት ካልተወሰደ፣ ይቀንሳል። የዚህችን ሴት ቆዳ በጥሩ ብርሃን የሚመለከት ሐኪም ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በብልት ከንፈሮች ላይ ነጭ ንጣፍ አለ። ቆዳው ሳስቶ እንደ ሲጋራ ወረቀት ተጨማድዷል። አንዳንድ ቦታ ተሰንጥቋል፤ ሌላው ጋ ከማከኩ የተነሣ ደም ቋጥሯል። ንጣቱ ወደ ፊንጢጣም ወርዶ ዙሪያውን ከቦታል። ትንንሾቹ ከንፈሮችም እየሟሹ ከትልልቆቹ ጋር መጣበቅ ጀምረዋል።

ይህ በሽታ ሊከን ስክለሮሰስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳ በማጥቃቱ የሚመጣ እንደሆነ ይታመናል፤ ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ የታይሮይድ ችግርም አለባቸው። አይተላለፍም፤ ስለዚህ ባልን መጠርጠርም ሆነ አብሮ ማሳከም አያስፈልግም። ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፤ እንዲያውም በሳሙናና በዴቶል አዘውትሮ መታጠብ ያባብሰዋል። ከለምጽም ይለያል፤ ለምጽ ቀለም ብቻ ይነጥቃል እንጂ ቆዳውን አያሳሳውም፣ አብዛኛውን ጊዜም አያሳክክም።

ግርዛት የተፈጸመባት ሴት ስትመረመር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የከንፈሮቹ መጥፋት ከድሮው ጠባሳ ነው ተብሎ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላልና፣ ሐኪሙ ይበልጥ የሚመካው በቆዳው ቀለምና ልስላሴ ነው። በሽታው ትንንሽ ልጃገረዶችንም ይይዛል፤ ደም የቋጠረው ቆዳ ሕፃኗ የተደፈረች አስመስሎ ቤተሰብን ያስደነገጠበት ጊዜ አለ። ይህን የሚለየው በዘርፉ የሠለጠነ ሐኪም ነው።

መድኃኒቱን ብዙ ሰው በስም ያውቀዋል፤ ክሎቤታሶል ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ለማቅላት እየተቀባ ስንቱን ያበላሸው። ቆዳ ያሳሳል የተባለ ቅባት ለሳሳ ቆዳ መታዘዙ ግራ ያጋባል፤ ሴቶቹም በፍርሃት ቶሎ ያቆሙታል። እዚህ ግን ቆዳውን እያሳሳ ያለው ብግነቱ ነው፣ ቅባቱ ደግሞ ብግነቱን ያጠፋል። የተለመደው አወሳሰድ ባለ 0.05 በመቶውን ለ4 ሳምንት በየሌሊቱ፣ ለቀጣዩ 4 ሳምንት አንድ ሌሊት እየዘለሉ፣ ለመጨረሻው 4 ሳምንት በሳምንት ሁለቴ መቀባት ነው። መጠኑ በአመልካች ጣት ጫፍ ላይ የሚዘረጋው፣ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ሲደመር 50 ሌሊት፣ 25 ግራም ይመጣል፤ ስለዚህ ባለ 30 ግራም ቱቦ ሦስቱን ወር ማዳረስ አለበት። በአንድ ወር ካለቀ በዝቷል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሙሉ ለሙሉ ተርፎ ከተገኘ ደግሞ አልተቀባም።

ማሳከኩ በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። ንጣቱ ሊቆይ ይችላል፤ የጠፋው ከንፈር ግን አይመለስም፤ ቶሎ መታየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ማሳከኩ ቆመ ብሎ ሕክምናውን መተው ሌላ አደጋ አለው፤ ካልታከመ በሽታ ላይ ጥቂት ሴቶች የብልት ቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል። በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 507 ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ቅባቱን በታዘዘው መሠረት ከቀጠሉት መካከል ካንሰር ወይም የካንሰር መነሻ የተገኘባት አልነበረችም፤ እያቋረጡ ከተጠቀሙት ግን 5 በመቶ በሚጠጉት ላይ ታይቷል።

ሁሉም ሴት ናሙና አይወሰድባትም። መልኩ ግልጽ ከሆነ ሕክምናው ይጀመራል። ሐኪሙ ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ እንደ ምስር ፍሬ ያህል ቆዳ የሚወስደው መልኩ ሲያጠራጥር፣ የማይድን ቁስል ወይም የሚጠጥር እብጠት ሲኖር፣ ወይም ቅባቱ በትክክል ተቀብቶም ለውጥ ሲጠፋ ነው። ቀጠሮ ላይም ሆነ በመሃል እንዲህ ያለ ቁስል ወይም እብጠት ካየች፣ ሦስት ወሩን ሳትጠብቅ ወደ ቆዳ ወይም ወደ ማኅፀን ሐኪም መመለስ አለባት፤ እዚያም "ያሳክከኛል" ከማለት ይልቅ "ቆዳዬ ተለውጧል፣ እዩልኝ" ብትል ይሻላል።