ሁለት ሺህ ጥያቄ በአሥር ግንኙነት

ፈጥኖ የሚያድግ ጀማሪ ኩባንያ ዳታቤዝ ሊያዘጋጅ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ጊጋባይት ይበቃናል?» የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብቻውን ግን ሩቅ አያስኬድም። መታወቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ምን ያህል መረጃ እንደሚቀመጥ፣ በሰከንድ ስንት ጥያቄ እንደሚመጣ፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ ስንት ግንኙነት ክፍት እንደሚሆን። ሦስተኛውን የሚያሰላው ሰው ጥቂት ነው። ዲስኩ ገና ሩቡ ሳይሞላ አገልግሎቱን ቀጥ የሚያደርገውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ በሞተር የሚያደርስ ኩባንያ አለ እንበል። በቀን 6,000 ትዕዛዝ ይቀበላል፣ 600 ሞተረኞች አሉት፣ በየወሩ 10 በመቶ ያድጋል። በዚህ ፍጥነት ከ12 ወር በኋላ የዛሬውን ሦስት እጥፍ ከትንሽ በላይ ይሆናል። የሚጠቀመው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው።

ትዕዛዞቹን እናስቀድም። አንድ ትዕዛዝ ከነምግቦቹ ዝርዝር፣ ከነክፍያውና ከነማውጫዎቹ 3 ኪሎባይት ቢወስድ፣ በዓመቱ ውስጥ የሚጠራቀሙት ወደ 3.8 ሚሊዮን ትዕዛዞች 12 ጊጋባይት እንኳ አይሞሉም። የኩባንያው እንጀራ የሆነው መረጃ በኪስ ስልክ ላይ ይገባል ማለት ነው።

ዲስኩን የሚበላው ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ሞተረኛ ስልክ በየ5 ሰከንዱ ያለበትን ቦታ ይልካል። በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ሞተረኛ 7,200 ረድፍ ይጽፋል፤ 600ዎቹ ሲደመሩ 4.3 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የአንዱን ረድፍ ክብደት ጠጋ ብለን እንመልከት። መለያ ቁጥር፣ የሞተረኛው ቁጥር፣ ሰዓቱና ሁለቱ የካርታ መጠቆሚያዎች እያንዳንዳቸው 8 ባይት ስለሚይዙ ድምሩ 40 ነው። ፖስትግሬስ ግን በየረድፉ ራስ ላይ 24 ባይት፣ ለአድራሻው ደግሞ 4 ባይት ይጨምራል። በመለያ ቁጥሩ፣ እንዲሁም በሞተረኛውና በሰዓቱ ለመፈለግ የሚሠሩት ሁለት ማውጫዎች ሲታከሉ 40 የነበረው ወደ 120 ባይት ይደርሳል። በወረቀት ላይ የተደመረውን የመረጃ መጠን ብቻ ይዞ ዲስክ የገዛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አስተማማኙ መንገድ አንድ ሚሊዮን የሙከራ ረድፍ አስገብቶ ሠንጠረዡን ራሱን መጠየቅ ነው፦

```sql
SELECT pg_size_pretty(pg_total_relation_size('rider_location'));
```

በዚህ ስሌት የሞተረኞቹ አቅጣጫ በወር ወደ 15 ጊጋባይት ይይዛል፤ ከዕድገቱ ጋር በዓመት ከ330 ጊጋባይት ይበልጣል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የዲስኩ ስፋት ሳይሆን ይህ መረጃ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልግ ነው። አንድ ሞተረኛ ከሦስት ወር በፊት በየ5 ሰከንዱ የት እንደነበረ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ 30 ቀን ይበቃል፤ ዓመቱ ሲያልቅም ሠንጠረዡ ከ50 ጊጋባይት ብዙም አያልፍም። ሠንጠረዡ ግን ከመጀመሪያው በቀን በቀን ተከፋፍሎ መሠራት አለበት። በፖስትግሬስ ረድፎችን በ`DELETE` ማጥፋት ቦታውን ለራሱ ለሠንጠረዡ ክፍት ያደርጋል እንጂ በአብዛኛው ዲስኩን አያቀለውም። የአንድ ቀን ክፍል በሙሉ ሲወገድ ግን ቦታው ወዲያው ይመለሳል።

ወደ ፍጥነቱ እንለፍ። 6,000 ትዕዛዝን በቀኑ 24 ሰዓት ላይ ካካፈልነው በ14 ሰከንድ አንድ ትዕዛዝ ይሆናል። ይህ አማካይ ማንንም አይጠቅምም፤ ሰው የሚርበው በምሳ ሰዓት ነው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የቀኑ 40 በመቶ ቢመጣ በየ3 ሰከንዱ አንድ ትዕዛዝ ይገባል። ምግቡ እስኪደርስ 40 ደቂቃ ከወሰደ፣ በማንኛውም ቅጽበት 800 ሰው ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ነው። የእያንዳንዱ ስልክ በየ5 ሰከንዱ «የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ በሰከንድ 160 ጥያቄ ይመጣል። ሞተረኞቹ በሰከንድ 120 ጊዜ ይጽፋሉ። ምግብ መርጠው የሚያዙትና አይተው ብቻ የሚወጡት ደግሞ 30 ያህል ይጨምራሉ እንበል። ድምሩ 310 ነው፤ አብዛኛው ሸክም የመጣው ከሚያዘው ሰው ሳይሆን ከሚጠብቀው ነው።

ከዓመት በኋላ ይህ ወደ 1,000 ይጠጋል። የደመወዝ ቀንና የበዓል ዋዜማ እጥፍ ሊሆኑ ስለሚችሉ 2,000 ብሎ ማቀድ ይሻላል። ጭነቱ የሚከመርበት ሰዓትም ከጾሙ ጋር ይቀያየራል፤ በረመዳን ከማፍጠሪያው በፊት ያለችው አንዲት ሰዓት ከምሳው ሁለት ሰዓት የባሰች ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ግንኙነቱ። ስሌቱ አጭር ነው፦ በሰከንድ የሚመጣውን ጥያቄ አንዱ ጥያቄ በሚወስደው ጊዜ ማባዛት። 2,000 ጥያቄ እያንዳንዱ 5 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ በአንድ ቅጽበት ሥራ ላይ ያሉት ግንኙነቶች በአማካይ 10 ናቸው። አሥር ብቻ! ታዲያ ፖስትግሬስ ሲጫን የሚፈቅደው 100 ግንኙነት እንዴት ያልቃል?

አንደኛው ምክንያት ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው ሰርቨሮች ናቸው። እያንዳንዱ ሰርቨር ለራሱ 20 ግንኙነት ከፍቶ ይይዛል፤ ሰርቨሮቹ 8 ከሆኑ 160 ሆነ። አዲስ የፕሮግራም ቅጂ ሲወጣ አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ደቂቃ አብረው ስለሚቆዩ 320 ይደርሳል። ዳታቤዙም ይህን ይመልሳል፦

```
FATAL:  sorry, too many clients already
```

ሁለተኛው ምክንያት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ይመጣል። ፕሮግራሙ ትዕዛዙን መመዝገብ ጀምሮ፣ ግብይቱን ሳይዘጋ የክፍያ ድርጅቱን መልስ ይጠብቃል። ባንክ መስኮት ላይ ቆሞ፣ ሰልፉን ከኋላው አስቁሞ የሒሳብ ቁጥሩን በስልክ እንደሚጠይቅ ደንበኛ ነው። በሰከንድ 2 ትዕዛዝ ሲመጣና መልሱ 2 ሰከንድ ሲወስድ የሚታገቱት 4 ግንኙነቶች ናቸው። የክፍያ መስመሩ ተጨናንቆ መልሱ 30 ሰከንድ ከወሰደ 60 ይሆናሉ። የትዕዛዙ ቁጥር ሳይጨምር ዳታቤዙ ተያዘ። መፍትሔው መጀመሪያ መዝግቦ ግብይቱን መዝጋት፣ ከዚያ ክፍያውን መጠየቅ፣ መልሱ ሲመጣ በሌላ አጭር ግብይት ማስፈር ነው። ስህተቱ መኖሩን ይህ ትእዛዝ ያሳያል፦

```sql
SELECT state, count(*) FROM pg_stat_activity
WHERE backend_type = 'client backend' GROUP BY state;
```

`idle in transaction` በሚለው አንጻር ያለው ቁጥር በምሳ ሰዓት ከፍ ካለ፣ ግንኙነቶቹ ሥራ ሳይሠሩ ታግተዋል ማለት ነው።

ብዙዎች ሲቸግራቸው `max_connections` የሚለውን ወደ 1,000 ያሳድጉታል። እኔ አልመክርም። በፖስትግሬስ እያንዳንዱ ግንኙነት ሰርቨሩ ላይ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፤ ሜሞሪ ይይዛል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ ሲጀምሩ ባሉት ጥቂት ፕሮሰሰሮች ላይ ይሻማሉ። የሚሻለው ፒጂባውንሰርን የመሰለ አገናኝ መሐል ማስገባት ነው። 320 ግንኙነቶች ከእሱ ጋር ይነጋገራሉ፤ እሱ ደግሞ ዳታቤዙ ላይ 30 ብቻ ከፍቶ፣ አንዱ ግብይት ባለቀ ቁጥር መስመሩን ለሚቀጥለው ይሰጣል። ያሰላነው 10 ስለሆነ 30 ለድንገተኛ ጭነት በቂ ትርፍ አለው። በዚህ አሠራር መስመሩ ከግብይት ግብይት ስለሚቀያየር፣ በግንኙነቱ ላይ ተቀምጦ ይቆያል ተብሎ የታሰበ ማስተካከያ ሁሉ ላይገኝ ይችላል። ፕሮግራመሮቹ ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ትልቅ ማሽን መግዛት አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ፒጂባውንሰር ላይ `SHOW POOLS` ሲባል `cl_waiting` ከዜሮ በላይ ሆኖ ከቆየ ሰልፍ አለ። ሰልፍ ኖሮ የዳታቤዙ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ከታየ፣ የያዘ የማይለቅ ግብይት አለና ኮዱ ይፈተሽ። ፕሮሰሰሩ ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ሰልፉ ከቀጠለ ደግሞ መጀመሪያ ጊዜ የሚፈጁት ጥያቄዎች ይታዩ፤ ከ5 ሚሊሰከንድ ወደ 50 ያሻቀበ አንድ ጥያቄ ማውጫ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። እነሱ ተስተካክለውም ጭነቱ ካልወረደ፣ ያኔ ማሽኑ በእርግጥ አንሷል።